«ግፊቴን ለካኝ» የማያባራበት ቤት፦ ከሕመም ወይም ከጡረታ በኋላ ጭንቀት የበዛባቸውን ወላጅ ደረጃ በደረጃ መርዳት

«አይዞዎት አባባ፣ ምንም የለብዎትም» ትላላችሁ። አስር ደቂቃ ይረጋጋሉ። ከዚያ እንደገና «ልቤ እየመታ ነው»። እንደገና ታጽናናላችሁ፣ እንደገና አስር ደቂቃ። ይህን የምጽፈው ብዙ ሰው እዚችው ላይ ስለሚወድቅ ነው። እኔ ራሴ አራት ወር ሙሉ ወድቄበታለሁ።

የኛ ቤት ነገር በአጭሩ ይህ ነው። አባባ በ60 ዓመታቸው ከሒሳብ ሥራ ጡረታ ወጡ። መጀመሪያ ደህና ነበሩ፤ ጠዋት ከግንፍሌ ተነስተው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ከነበሩት ጓደኞቻቸው ጋር ቡና ይጠጣሉ፣ ጋዜጣ ያነባሉ፣ ለምሳ ይመለሳሉ። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ጓደኞቻቸው በየአቅጣጫው ተበተኑ። ብዙም ሳይቆይ ግፊታቸው አሻቅቦ ቀላል ስትሮክ መታቸው፣ ስድስት ቀን ሆስፒታል ተኙ። እጃቸው ተመለሰ፣ አንደበታቸው ተመለሰ። ፍርሃቱ ግን አብሯቸው ቤት ገባ። በቀን 14 ጊዜ ግፊት ይለኩ ነበር፣ እኔ ቢሮ እያለሁ 11 ጊዜ ይደውሉ ነበር፣ ሌሊት ደግሞ ከሳሎን መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ሳሎን።

## ከመጀመራችሁ በፊት

አንድ ደብተርና እስክሪብቶ አዘጋጁ። ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት በሙሉ፣ ከመሳቢያውም ከቦርሳውም ከትራስ ሥርም፣ በአንድ ፌስታል ሰብስቡ። ቁጥሩ ጎላ ያለ የግድግዳ ሰዓት ስቀሉ።

ከልጆች መካከል አንድ ተጠሪ ምረጡ። ሁላችሁም እኩል ካዘዛችሁ አይሠራም። እኔ «አይለኩ» ስል እህቴ ከአሜሪካ በቪዲዮ «ለኩና አሳዩኝ» ትል ነበር።

ቢያንስ ስድስት ሳምንት ስጡት። በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ነገር አይደለም።

## 1. መጀመሪያ «ጭንቀት ነው» አትበሉ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ትልቅ ስህተት ሊሠራ ይችላል። በሽማግሌ ሰው ላይ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የስኳር መውረድ ወይም የመድኃኒት ችግር ልክ እንደ ጭንቀት ሆኖ ሊታይ ይችላል። ትኩሳት እንኳን ላይኖር ይችላል።

መለያው ፍጥነቱ ነው። ጭንቀት ብዙ ጊዜ በሳምንታትና በወራት ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ከተቁነጠነጡ፣ የሚናገሩት ካልተያያዘ፣ ጠዋት ጥሩ ሆነው ማታ ሰው ካልለዩ፣ ያ ጭንቀት ሳይሆን አካላቸው የታመመበት ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው።

ቤት ውስጥ የምትሞክሩት ቀላል ነገር አለ። «እስቲ ወራቱን ከጳጉሜን ጀምረው ወደ ኋላ ይቁጠሩልኝ» በሏቸው። ጳጉሜን፣ ነሐሴ፣ ሐምሌ፣ ሰኔ እያሉ ነው። ወር መቁጠር ያልለመዱ ከሆነ የሳምንቱን ቀናት ከእሁድ ወደ ኋላ። የተጨነቀ ሰው እየተበሳጨም ቢሆን ይቆጥራል። አእምሮው የተዛባ ሰው ግን መሀል ላይ ይጠፋበታል፣ ሌላ ወሬ ይጀምራል፣ ወይም ያንኑ ወር ይደጋግማል። ከዚህ በፊት ይችሉ የነበሩ ሰው አሁን ካቃታቸው ሐኪም ቤት ውሰዷቸው። ስለቆጠሩ ብቻ ግን ደህና ናቸው ማለት አይደለም፤ ከላይ ያልኩት ድንገተኛ ለውጥ ካለ ቢቆጥሩም መታየት አለባቸው።

ቀጥሎ ፌስታሉን ይዛችሁ ወደ ሐኪማቸው ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ከዚህ ውስጥ ሰው የሚያቁነጠንጥ አለ?» ለአስም የሚነፋው ሳልቡታሞል እጅና ልብ ያንቀጠቅጣል። ፕሬድኒሶሎን እንቅልፍ ይነሳል። ለብዙ ሳምንታት ሲወሰድ የቆየ ዲያዜፓም በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ መቁነጥነጡ ይብሳል። ሐኪሙ ሳያዝ ግን ፌስታሉ ውስጥ ካሉት መድኃኒቶች አንዱንም አታቋርጡ።

እግረ መንገዳችሁን የእንቅርት፣ የደም ማነስ፣ የስኳርና የሽንት ምርመራ እንዲታዘዝላቸው ጠይቁ። የእንቅርት ሆርሞን ሲበዛ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይከሳል። ያንን በማጽናናት አታስቆሙትም።

## 2. አምስት ቀን ምንም ሳትቀይሩ መዝግቡ

ማስተካከል ያምራችኋል። አትንኩት። አሁን የምትፈልጉት ጭንቀቱ መቼ እንደሚመጣና ምን እንደሚቀድመው ማወቅ ብቻ ነው።

የኛ ደብተር ማክሰኞ ዕለት ይህን ይመስል ነበር፦

- ጠዋት 12፡40፦ ገና ከአልጋ ሳይነሱ ለኩ። 138/84። «ራሴን ከበደኝ» አሉ።
- 4፡20፦ ቡና፣ ሦስቱንም ስኒ። 4፡55 ላይ ለኩ፣ 151/88። ወዲያው ደገሙት፣ 156/90። ሦስተኛ፣ 159/92። ደወሉልኝ።
- 7፡10፦ ምሳ። ዜና አዩ። ምንም የለም።
- 10፡30፦ ብቻቸውን ናቸው። በ25 ደቂቃ ውስጥ አራት ጊዜ ደወሉ።
- 12፡15፦ እኔ ገባሁ። እስከ መኝታ አልለኩም።
- ሌሊት 9፡00፦ ነቁ፣ መብራት አበሩ፣ ለኩ።

ይህንን ገጽ ሳየው ነው የገባኝ። 4፡55 ላይ ያሉትን ሦስት ቁጥሮች ተመልከቱ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ የወጣው ግፊት ከስትሮክ የመጣ ሳይሆን ከፍርሃትና ከቡና የመጣ ነው። ሲለኩ ይፈራሉ፣ ሲፈሩ ይወጣል፣ ስለወጣ እንደገና ይለካሉ። ማሽኑ ራሱ ያስጨንቃቸው ነበር።

ሁለተኛው ነገር 10፡30 ነው። ለ30 ዓመት ከቢሮ ለመውጣት ወረቀት የሚሰበስቡበት ሰዓት ነበር። አሁን በዚያ ሰዓት የሚሰበሰብ ነገር የለም።

ካልሄደላችሁ፦ «ምን ትጽፋለህ?» ብለው ከተቆጡ ደብተሩን አትደብቁ። «ሐኪሙ ጠይቆኛል» በሏቸው፣ ከቻሉ ራሳቸው ይጻፉት። አባባ የሒሳብ ሰው ስለሆኑ በሁለተኛው ቀን መስመር አስምረው ወሰዱብኝ።

## 3. የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ አፍ ይናገር

እሁድ ከምሳ በኋላ ሁሉንም ሰብስቡ። ከውጭ ያሉትን በስልክ አስገቡ፣ የቤት ሠራተኛዋንም አትርሱ፤ ከናንተ በላይ አብራቸው የምትውለው እሷ ናት። እሳቸው ራሳቸውም ይቀመጡ። ስለ እሳቸው ጓዳ ውስጥ ማንሾካሾክ ለጭንቀታም ሰው መርዝ ነው፤ «የደበቁኝ በሽታ አለ» ብለው ነው የሚተረጉሙት።

የምትስማሙበት ነገር ይህ ነው፦ ከዛሬ ጀምሮ «ምንም የለብዎትም» አንልም፣ «ተዉት አያስቡ» አንልም፣ አንቆጣም። ማጽናናት ልክ እንደ ማሽኑ ነው። ለጊዜው ያበርዳል፣ ግን «ካልጠየቅኩ አልድንም» የሚል ልማድ ይተክላል። በምትኩ ሦስት ነገር ተናገሩ። የሚሰማቸውን እመኑላቸው፣ ሰዓቱን አስታውሷቸው፣ ለእጃቸው ሥራ ስጡ። እኛ ቤት እንዲህ ሆነ፦

አባባ፦ «ልቤ ደረቴን ሊሰብረው ነው። ለካኝ እስቲ።»

እኔ፦ «ሲመታ ያስፈራል፣ ገባኝ። የምንለካው 12 ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ይቺን ምስር ይልቀሙልኝ፣ እኔ ጠጠሩ አይታየኝም።»

ተበሳጩ። ግን ትሪውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ምስሩን በጣታቸው እየገፉ፣ ጠጠሩን በስኒ ማስቀመጫ ላይ እየለዩ፣ ሩብ ሰዓት ሳይናገሩ ተቀመጡ። ከዚያ «ይሄን ምስር ከየት ነው የገዛችሁት?» ብለው ተቆጡ። በደስታ ተቀበልኩት።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ደንብ ለለመዱት ስሜት ብቻ ነው። ፊት በአንድ በኩል ከተንጋደደ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ ደረት እንደ ድንጋይ ከከበደ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ከዚህ በፊት አይተውት የማያውቁት ራስ ምታት ከመጣ፣ ሰዓት አትጠብቁ። 907 ደውሉ ወይም ያገኛችሁትን ታክሲ ይዛችሁ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት መዝግቡ፣ ሐኪሞቹ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። ይህንን ዝርዝር በትልቁ ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉ። ለእሳቸውም ይጠቅማቸዋል፤ እዚያ ላይ የሌለ ነገር 12 ሰዓት ድረስ መጠበቅ ይችላል ማለት ነው።

## 4. ልኬቱንና ስልኩን ሰዓት አስይዙት

### ማሽኑ

አትደብቁት። እኔ ደበቅኩት፣ አልጋዬ ሥር። አባባ ቀስ ብለው ዳገቱን ወጥተው በየፋርማሲው እየከፈሉ ይለኩ ጀመር። በዚያ ላይ ዳገት ወጥተው ወዲያው ሲለኩ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ተመለስን።

በአንዴም አታስቁሙ። መጀመሪያ ሐኪማቸውን «በቀን ስንት ጊዜ መለካት ያስፈልጋቸዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለኛ ጠዋትና ማታ ይበቃል ተባልን። ከዚያ እንዲህ ወረድን፦ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 6፣ በሁለተኛው 4፣ በሦስተኛው 2። ሰዓቶቹን ደብተሩ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉ። ደህና ሆኑም ተጨነቁም የሚለካው በዚያ ሰዓት ነው። ሲጨነቁ ብቻ ከተለካ ልማዱ አይሰበርም።

አለካኩም መስተካከል አለበት፦

1. ከቡናና ከእርምጃ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይለፍ። ሽንት ቤት ይሂዱ።
2. ጀርባቸው ተደግፎ፣ እግራቸው መሬት ረግጦ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። እግር ማነባበር የለም።
3. ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ በልብ ቁመት ይረፍ። ጨርቁ በባዶ ክንድ ላይ እንጂ በሹራብ ላይ አይታሰርም።
4. እየተለካ አትናገሩ፣ እሳቸውም አይናገሩ።
5. አንዴ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሁለተኛ። ሁለቱንም ጻፉ። ሦስተኛ የለም።

ቁጥሩ በቀን ውስጥ ከፍና ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። የላይኛው ከ180 በላይ ወይም የታችኛው ከ120 በላይ ከሆነ ግን 5 ደቂቃ አሳርፋችሁ አንዴ ድገሙ። እንደዚያው ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ያናግሩ። ከዚህ ጋር ፍሪጁ ላይ ካሉት ምልክቶች አንዱ ካለ ድንገተኛ ነው።

የሚበላሸው የት ነው? በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ይብስባቸዋል። ጥያቄው ይጨምራል፣ «ልጆቼ ጨከኑብኝ» ይመጣል፣ ለጎረቤት ስሞታ ይሄዳል። አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ነው እጁን የሚሰጠው። እጅ ከሰጣችሁ የተማሩት ነገር «አጥብቄ ከለመንኩ ይለካልኛል» የሚል ነው፣ የሚቀጥለው ሙከራ ከዚህ ይከብዳል። በፍጹም የማትችሉት ከሆነ የመጀመሪያውን ሳምንት የቀን ልኬት ከ6 ወደ 8 ከፍ አድርጉት፣ ግን ሰዓት ይኑረው።

### ስልኩ

ደዋዩ እናንተ ሁኑ። እኔ 4 ሰዓት፣ 7 ሰዓት እና 10፡30 ላይ መደወል ጀመርኩ። 10፡30ን የመረጥኩት ደብተሩን አይቼ ነው። ሰዓቷን አታሳልፉ፤ ስብሰባ ካለባችሁ ከዋዜማው ንገሯቸው። አንድ ቀን የረሳ ልጅ የሁለት ሳምንት ሥራ ያፈርሳል።

በመሀል ከደወሉ አንሱ። አለማንሳት ጭካኔ ነው፣ ደግሞም አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል። አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ፍሪጁ ላይ ካሉት አንዱ አለ?» ከሌለ «እሺ አባባ፣ 10፡30 ላይ እደውላለሁ» ብላችሁ ዝጉ። ከአንድ ደቂቃ አይለፍ። ጭንቀታቸውን 10፡30 ድረስ በወረቀት እንዲጽፉት ጠይቋቸው። አባባ ከጻፏቸው ውስጥ ግማሹን ስደውል ማንበብ ያፍሩ ነበር።

## 5. ባዶውን ሰዓት ሙሉት፣ ግን ሁሉንም አይደለም

ከደብተሩ የሚከብዳቸውን አንድ ሰዓት ብቻ ምረጡና ሰው የሚጠብቀው ሥራ አስገቡበት። «ይዝናኑ» የሚባል ሥራ አይደለም። ባይሠሩት አንድ ሰው የሚጎድልበት ሥራ።

ለአባባ የእድሩን መዋጮ መዝገብ ለመንንላቸው። ጸሐፊው ደረሰኞቹን በፌስታል ያመጣላቸዋል፣ እሳቸው በየቀኑ 10 ሰዓት ላይ ጠረጴዛ ይዘው ያመሳክራሉ። በመጀመሪያው ሳምንት የ40 ብር ልዩነት አገኙና ሦስት ቀን ሲፈልጓት ከረሙ። ለእናት ከሆነ የልጅ ልጅን ከትምህርት ቤት መቀበል፣ ለጎረቤት በርበሬ መቀንጠስ፣ የሰንበቴውን ተራ ማስታወስ ሊሆን ይችላል። የለመዱት ሙያ ካለ ከዚያ ጀምሩ።

ቡናውን በአንድ ቀን አትከልክሉ። ለዓመታት ሦስት ስኒ የጠጣ ሰው ድንገት ሲተው ራሱን ያመዋል፣ ስትሮክ የነካውን ሰው ደግሞ ራስ ምታት የት እንደሚያደርሰው ታውቃላችሁ። መጀመሪያ በረካውን አስቀሩ። ከሳምንት በኋላ ቶናውን። አቦሉ ከ6 ሰዓት በፊት ይጠጣ። ሥነ ሥርዓቱን ግን አትንኩት፤ ጭሱም ጨዋታውም ቡናውን ያህል ዋጋ አለው።

እርምጃውን በ10 ደቂቃ ጀምሩ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ። ከግንፍሌ ወደ አራት ኪሎ የሚወጣውን ዳገት ለመጀመሪያ ጊዜ አታድርጉት። ልብ ሲመታ «መጣብኝ» ይላሉ። እኛ በታክሲ አራት ኪሎ ወጥተን ወደ ፒያሳ በሚወስደው ሰፊ የእግረኛ መንገድ እንሄድ ነበር፣ መቀመጫም አለው። የድሮ ሰፈራቸውን ሲያዩ ይከፋቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። መጀመሪያ ቀን ዝም አሉ። ሁለተኛው ቀን «እዚህ ጋ ነበር የኛ ቡና ቤት» ብለው ቆመው፣ ለማላውቃቸው ሰው ሳይቀር አሳዩ። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ አንድ የድሮ ጓደኛቸው እዚያው ይጠብቃቸዋል።

## 6. ሌሊቱን ለብቻው ያዙት

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የነቃ ሰውን አትከራከሩት። አእምሮው ያንን ሰዓት የሚያስበው ሞትን ነው።

ቀኑን አስተካክሉ። የቀን እንቅልፍ ከ30 ደቂቃ አይለፍ፣ ከ9 ሰዓት በኋላም አይሁን። ለግፊት የሚሰጠው ሽንት የሚያሸና ኪኒን ማታ የሚወሰድ ከሆነ ወደ ጠዋት ማዞር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ስንቱ ሰው «በጭንቀት» የሚነቃው ለሽንት ነው። ሌሊት ሦስትና አራት ጊዜ የሚነሱ አባት ካሉ ፕሮስቴታቸውም ይታይ።

ሲነቁ ይህን ተከተሉ፦

1. ወደ ሽንት ቤት በሚወስደው መተላለፊያ ትንሽ መብራት ብቻ ይኑር። መሬት ላይ ምንጣፍና ገመድ አይኑር።
2. ሩብ ሰዓት ያህል እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋ ይነሱ። ጋቢ ለብሰው ወንበር ላይ ይቀመጡ።
3. በአፍንጫ 4 እስኪቆጠር ይሳቡ፣ በአፍ 6 እስኪቆጠር ያውጡ። ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው ሳይሆን ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው፣ ቀስ ብለው። አምስት ደቂቃ።
4. ዳዊት የሚደግሙ ይድገሙ፣ የሚሰግዱ ይስገዱ። ሬዲዮ ዝቅ ብሎ ይቻላል። ዜና አይሆንም። ማሽኑም አይሆንም።
5. እንቅልፍ ሲመጣ ወደ አልጋ።

አተነፋፈሱን ቀን ላይ ደህና ሲሆኑ አለማምዷቸው። በጭንቀት መሀል ለመጀመሪያ ጊዜ ማስተማር ዋና የማይችልን ሰው ወንዝ ውስጥ እንደማስተማር ነው። ራስ ማዞር ከመጣ በጣም እየሳቡ ነው፤ አሳሳቡን አሳንሱት።

## 7. ወደ አእምሮ ሐኪም መቼና እንዴት

ከ3 እስከ 4 ሳምንት ሠርታችሁ ለውጥ ከሌለ፣ ወይም ከመጀመሪያውም ምግብ ከተዉ፣ ከከሱ፣ ከቤት መውጣት ካቆሙ ሂዱ። በሽማግሌ ሰው ላይ ድብርት ብዙ ጊዜ በለቅሶ ሳይሆን በመቁነጥነጥና በ«ሸክም ሆንኩባችሁ» ይገለጣል። በለመዱት መንገድ መጥፋት ወይም የምድጃ እሳት መርሳት ካለ ደግሞ የመርሳት በሽታ ሊሆን ስለሚችል ይህንንም ለይታችሁ ንገሩ።

አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፣ መጠየቅ አለበት፦ «አባባ፣ መኖር ያስጠላዎታል? ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ?» መጠየቁ ሐሳቡን አያስገባባቸውም። «አዎ» ካሉ ብቻቸውን አትተዉ፣ መድኃኒቱን፣ በረኪናውን፣ የአይጥ መርዙን አንሱ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል።

መነሻው ጤና ጣቢያ ነው፤ አይተው ሪፈር ይጽፉላችኋል። ብዙ ወላጅ «አማኑኤል ልትወስዱኝ ነው?» ብሎ ይደነግጣል፣ «አበድክ» የተባለ ይመስለዋል። አትዋሹ። ልጆቻቸው «ለምርመራ ነው» ብለው አታለው የወሰዷቸው ጎረቤታችን ከበሩ ተመልሰዋል። እኛ ያልነው «እንቅልፍና ፍርሃት የሚያክም ሐኪም አለ፣ ደብተርዎን ማየት ይፈልጋል» ነው። ደብተሩንና ፌስታሉን ይዛችሁ ግቡ። ሐኪሙ የሚያገኛችሁ ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ ደብተሩ ብዙ ያወራላችኋል።

መድኃኒት ከታዘዘ ሦስት ነገር እወቁ። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው እንደ ሰርትራሊን ያለ፣ ለሽማግሌ በትንሹ በ25 ሚሊግራም ነው። ዋናውን ውጤት ለማየት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መቁነጥነጡን ጭራሽ ሊያብሰው ይችላል። «አልተስማማቸውም» ብለው የሚያቋርጡት እዚህ ጋ ነው። ለሐኪሙ ደውሉ እንጂ አታቋርጡ። አስፕሪን የሚወስዱ ከሆነ መድማት ሊጨምር ስለሚችል አስቀድማችሁ ተናገሩ። ድንገት ከደነዘዙ ወይም ከተደናገሩ የደም ሶዲየም ይታይ።

ዲያዜፓምን ከጎረቤት አትቀበሉ። ያረጋጋል፣ እውነት ነው፤ ሽማግሌን ግን ያንገዳግዳል፣ ያደናግራል፣ ዳሌ ያሰብራል። አሚትሪፕቲሊን ከታዘዘም ፕሮስቴት ላለባቸው ሽንት ሊዘጋ እንደሚችል ጠይቁ።

ጸበል ልሂድ ካሉ አትከልክሉ። ከንስሐ አባታቸው ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ መድኃኒቱን ይዘው እንዲሄዱ። አባባ የሚሰሙት እኔን ሳይሆን ንስሐ አባታቸውን ነው፤ «ሁለቱንም ይያዙ» ሲሏቸው ነገሩ አለቀ። በጾም ወቅትም የኪኒኑን ሰዓት ከሐኪሙም ከንስሐ አባታቸውም ጋር አስተካክሉ፣ በራሳቸው አዘዋውረው እንዳይዘሉት።

## ሲያገረሽ

ያገረሻል። ለቅሶ ሲኖር፣ በተለይ የእድሜ እኩያቸው በስትሮክ ሲሞት፣ ሁለት ሦስት ቀን ይመለስባቸዋል። ለሳምንት ወደ 4 ልኬት ተመለሱ፣ ከዚያ ውረዱ። ከዜሮ አትጀምሩ። ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ሐኪሙን።

እኛ ቤት አሁን ዘጠነኛ ወር ነው። ጠዋት አንዴ ማታ አንዴ። ስልኩ 10፡30 ላይ ሲደወል አንዳንዴ «ቆየኝ፣ ደረሰኝ ላይ ነኝ» ብለው ይዘጉብኛል። ከቀብር የተመለሱ ቀን ሦስተኛ ልኬት አለች፤ መኝታ ቤት ዘግተው ሲለኩ የማሽኑ ድምፅ ይሰማኛል። እሷን ደብተሩ ላይ አይጽፏትም። እኔም አልጠይቅም።